ልጆቻችን ምን ተማሩ? አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ስለ መመዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ቅዱስ ፊልጶስ ሲቀርበው መጽሐፉ መልካም መሆን አለመሆኑን አልጠየቀውም፤ ንባቡንም አላደነቀለትም። የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ነው። ጃንደረባውም ያን ያህል ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ የሚመራው እንደሌለ ሳያፍር ተናገረ። ትምህርቱ የተጀመረው ከዚያ እውነተኛ መልስ ነው። በይሉኝታ «ገብቶኛል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሠረገላው ዝም ብሎ መንገዱን በቀጠለ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ እኛ ራሳችን የምንጠያየቀው ጥያቄ የፊልጶስን ጥያቄ ስለማይመስል ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህር እንዳገኘና መጽሐፍ እንደገጠመው ያስተምር ነበር። አሁን ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተዘረጋ ወጥ ሥርዓተ ትምህርት አለን። እዚህ ማሻም ሆነ በሌላ ቦታ ያለ ልጅ በአንድ መስመር እንዲሄድ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ሥርዓተ ትምህርት መዘርጋቱ አንድ ነገር ነው፤ በልጁ ላይ የታሰበውን ማምጣቱ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ለማወቅ መጠየቅ፣ መስማትና መመዘን ያስፈልጋል።

የእኔ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት «አዲሱ ትምህርት ፍሬ አፍርቷል» ብሎ ለሰበካ ጉባኤው ወይም ለሀገረ ስብከቱ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት የሰበሰበው ማስረጃ ሳይሆን ምስጋና እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

«ይመስገን፣ ጥሩ ነው»

በአካባቢያችን የተደረገ አንድ ግምገማ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ። መምህራኑ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ልጆቹም በዙሪያው ቆመዋል። ጥያቄው «አዲሱን ትምህርት እንዴት አገኛችሁት?» የሚል ነበር። አንድ አባት ተነሥተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ መምህራኑንም መረቁ። ሁለተኛዋ እናት የእርሳቸውን ደገሙ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ያንኑ ተናገሩ። በቃለ ጉባኤው ላይ ወላጆች በትምህርቱ መርካታቸው ተጻፈ።

ማንም አልዋሸም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ልጁን በነጻ በሚያስተምርለት መምህር ፊት፣ ካህናት እየሰሙ «ልጄ ምንም አልገባውም» የሚል ወላጅ ከየት ይመጣል? በእኛ ባህል እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ነው፤ አንዳንዱም ከቤተ ክርስቲያን የመጣን ነገር መንቀፍ ኃጢአት ይመስለዋል። ስለዚህ ያ ስብሰባ የመዘነው ሥርዓተ ትምህርቱን ሳይሆን የወላጆቹን ትሕትና ነው። ትሕትናቸው ደግሞ ቀድሞውኑ የታወቀ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ሥጋት ይነሣል። «አባቶች የተቀበሉትን ትምህርት እኛ ማን ሆነን እንመዝናለን?» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ሥጋታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል ብዬ አምናለሁ። ምሥጢረ ሥላሴ አይመዘንም፤ እንቀበለዋለን። ምሥጢረ ሥላሴ ለሰባት ዓመት ልጅ በስንት ሳምንት፣ በየትኛው ምሳሌ፣ በምን ቋንቋ ይሰጥ የሚለው ግን የሰው ሥራ ነው። ወይኑ የእግዚአብሔር ነው፤ ጽዋውን ግን ሰው ሠርቶታል። ጽዋው ቢያፈስ መጠገኑ ወይኑን መናቅ አይደለም።

አበው ይመዝኑ ነበር

መመዘን ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። ሕፃኑ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር በዜማ ሲወርድ ለሰሚው ፊደል የለየ ይመስላል። የኔታ ግን አይታለሉም። ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይዞት እንደሆነ ለማወቅ ፊደሉን እያዘበራረቁ በስንጥር ይጠቁሙታል። አቡጊዳ የሚባለው ሰሌዳ ያንኑ ፊደል በሌላ ተራ የሚያቀርበው ልጁ ዜማውን ሳይሆን የፊደሉን መልክ እንዲያውቅ ነው። በሀሁ ሳይደናቀፍ የወረደ ልጅ አቡጊዳ ላይ ሲደርስ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ቀድሞ የተሰማው ነገር ዕውቀት ሳይሆን ዜማ እንደነበር ተገለጠ ማለት ነው።

በሀገራችን የዘመናዊ ትምህርትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ13 ሺህ በሚበልጡ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። መዛኙ መምህራንን «ተማሪዎቻችሁ ያነባሉ?» ብሎ አልጠየቀም። እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን አስቀምጦ ለክፍሉ የሚመጥን አጭር ምንባብ ሰጠው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያነበበውን ቃል ቆጠረ፤ ከዚያም ስላነበበው ጠየቀው። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ክፍል ተዛውረው የመጡ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በሰባት የሀገራችን ቋንቋዎች አዲስ የንባብ ሥርዓተ ትምህርትና መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ ምዘናውም እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2016 እና በ2018 ተደገመ። ከዚህ ልንወስደው የሚገባን ቁም ነገር ልጁ እንዲያደርገው የታሰበውን ነገር ልጁን ራሱን ማስደረግ፣ ይህንንም ከትምህርቱ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ሚዛን መድገም ነው።

አንድ ክፍል ወስደን እንመልከት

ነገሩ በሰንበት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ የማስረጃ አይደሉም፤ ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ናቸው። በመስከረም 40 ልጆች የተመዘገቡበት አንድ የሕፃናት ክፍል እናስብ። የዓመቱ አንድ ዓላማ ልጆቹ አቡነ ዘበሰማያትን በቃላቸው እንዲይዙና ትርጉሙን እንዲያስረዱ ነው።

በመጀመሪያው ወር እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን ለአምስት ደቂቃ እንጠይቃለን። የሚጠይቀው የክፍሉ መምህር ባይሆን ይመረጣል፤ መምህሩ ሳያስበው በዓይኑም በከንፈሩም ይረዳልና። በመጀመሪያ ጸሎቱን በቃሉ ይበል። ቀጥሎ ከመካከል አንድ ልመና አንሥተን «እዚህ ላይ እግዚአብሔርን ምን እየለመንነው ነው?» እንበለው። ከመጀመሪያው አለመጀመራችን ልክ እንደ አቡጊዳው ነው። ሁለት መልስ ብቻ እንመዘግባለን፦ በቃሉ ብሏል ወይስ አላለም፤ በራሱ ቃል አስረድቷል ወይስ አላስረዳም። ለ40 ልጆች 200 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ጠያቂዎች ካሉ በሁለት እሑድ ያልቃል።

በመስከረም ከ40ዎቹ 18ቱ ጸሎቱን በቃላቸው ሲሉ 10ሩ ትርጉሙን አስረዱ እንበል። በሰኔ ስንመለስ ክፍሉ ውስጥ 24 ልጆች ቀርተዋል። ከእነርሱ 23ቱ በቃላቸው ይላሉ፤ 10ሩ ያስረዳሉ።

ሪፖርት ጸሐፊው እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦ «ትርጉሙን የሚያስረዱት በመስከረም ከመቶ 25 ነበሩ፤ በሰኔ ከመቶ 42 ገደማ ደርሰዋል።» ስሌቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ነው። አስረጂዎቹ በመስከረምም 10 ነበሩ፣ በሰኔም 10 ናቸው። መዝገቡን በስም ስናገላብጥ እነዚያው 10 ልጆች ሆነው እናገኛቸዋለን። አንድም አዲስ ልጅ ትርጉሙን አላወቀም። ከመቶው ከፍ ያለው ትርጉሙን ያላወቁት 16 ልጆች ክፍሉን ጥለው ስለሄዱ ብቻ ነው። የሄዱትን ያልቆጠረ ሪፖርት መጥፋታቸውን እንደ ውጤት ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ማነጻጸር ያለብን እስከ መጨረሻው የቆዩትን 24 ልጆች ከራሳቸው ጋር ነው። ከእነርሱ በመስከረም በቃላቸው ያሉት 14 ነበሩ፤ በሰኔ 23 ሆኑ። ትርጉሙን ያስረዱት 10 ነበሩ፤ 10 ቀሩ። አሁን እውነቱ ተለየ። ትምህርቱ በቃል በማስያዝ ረገድ ሠርቷል፤ በማስረዳት ረገድ ገና አልሠራም። ይህ በአንድ በኩል ደስ የሚያሰኝ፣ በሌላ በኩል የሚያሳስብ ዜና ነው። «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» ከሚል አንድ ቃል ግን እጅግ ይጠቅማል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በ24 ልጆች መካከል የሁለት ወይም የሦስት ልጅ ልዩነት ቢታይ አንድ ልጅ ታሞ ወይም ደንግጦ ሊሆን ይችላልና ብዙ አንደግፍበት። ደግሞም ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ያድጋል፤ ቤቱም፣ የቀለም ትምህርት ቤቱም ያስተምሩታል። ስለዚህ የታየው መሻሻል ሁሉ የሥርዓተ ትምህርቱ ነው ማለት አይቻልም። ትምህርቱን ገና ያልጀመረ አጎራባች አጥቢያ ካለ በዚያ ያሉትን የዕድሜ እኩዮች በዚያው ጥያቄ መጠየቅ ልዩነቱን ለመገመት ይረዳል።

ለምን? ብለን ስንጠይቅ

ፈተናው ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። መምህራን፣ ልጆችና ወላጆች የሚያስፈልጉን እዚህ ላይ ነው። ከሦስቱም መጠየቅ ያለብን አስተያየታቸውን ሳይሆን የሆነውን ነገር ነው።

መምህሩን «መጽሐፉ እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ በየሳምንቱ ሦስት መስመር እንዲጽፍ ብንለምነው ይሻላል፦ ዛሬ የቱን ትምህርት አስተማርኩ፣ የት ላይ አቆምኩ፣ ልጆች ምን ጠየቁኝ። መምህሮቻችን በአብዛኛው በነጻ የሚያገለግሉ ወጣቶች ናቸው፤ ከሦስት መስመር በላይ ብንጠይቃቸው በሁለተኛው ወር ይተዉታል። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቦቹን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንድ መምህር ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ከሆነ ምክንያቱን በእርሱ ክፍል እንፈልግ። ሁሉም መምህራን በአንድ ትምህርት ላይ ቆመው ከሆነ ግን ችግሩ ከመጽሐፉ ነው፤ ምናልባት ትምህርቱ ለአንድ እሑድ በዝቷል፣ ወይም ምሳሌው ለልጅ አይደርስም። የትርጉሙ ትምህርት ጨርሶ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ሥርዓተ ትምህርቱን መውቀስ አንችልም፤ ያልተሰጠ መድኃኒት አልፈወሰም አይባልምና።

ልጆቹን በተመለከተ በማሻ ከሌላው ቦታ ይልቅ የምናስብበት ነገር ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን በቤታቸው የሚናገሩት ሸክኛ ነው። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ ጸሎቱም ከግእዝ ጋር ይመጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ ስለ ጥምቀት ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ ዝም አለችኝ። በመዝገቤ «አላስረዳችም» ብዬ ልጽፍ ስል ታላቅ እኅቷ ጥያቄዬን በሸክኛ ደገመችላት። ልጅቱ ቀና ብላ ረጅም መልስ መለሰች፤ እኅቷ ስትተረጉምልኝ ካስተማርኳት በላይ አስባ ነበር። የመዘንኩት ሃይማኖቷን ሳይሆን አማርኛዋን ነበር። ስለዚህ ልጁ በሚቀለው ቋንቋ ይጠየቅ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደመለሰም ይመዝገብ። በአማርኛ ዝም ብለው በሸክኛ የሚመልሱ ልጆች ከበዙ መስተካከል ያለበት የማስተማሪያው ቋንቋ እንጂ የትምህርቱ ይዘት አይደለም።

ወላጆችን ደግሞ በግቢው ሰብስበን ሳይሆን በየቤታቸው ሄደን፣ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት፣ የልጁ መምህር ያልሆነ ሰው ይጠይቃቸው። «ረክታችኋል?» አንበላቸው። «ባለፈው እሑድ ልጁ ሲመለስ ምን ነገራችሁ?» «በማዕድ ጊዜ የሚጸልየው ማን ነው?» እንበላቸው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በይሉኝታ መመለስ ያስቸግራል። «ምንም አልነገረኝም» የሚለው መልስ መምህሩን መንቀፍ አይደለም፤ የሆነውን መናገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የእነዚያ የሄዱት የ16ቱ ልጆች ቤት ይጎብኝ። ሁሉን ባንችል አምስት ስድስቱን እንጎብኝ። «ለምን ቀረ?» ብንል ወላጁ ይሸማቀቃል፤ «የቀረው በየትኛው ወር ነው? ያን ጊዜ ምን ሥራ ነበረ?» ብንል ይነግረናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቡና ለቀማው ወራት ቤተሰብ ወደ ቴፒ አካባቢ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ልጁም አብሮ ይወርዳል። ሲመለስ ክፍሉ አሥር ትምህርት ቀድሞታል፤ ያፍርና ይቀራል። እንዲህ ከሆነ መፍትሔው አዲስ መጽሐፍ አይደለም። ዋናዎቹ ትምህርቶች ከለቀማው በኋላ እንዲውሉ የእሑዶቹን ተራ ማዛወርና ለተመለሱት በጥር ጥቂት የማካካሻ እሑዶች መመደብ ነው። ይህን ማንኛውም አጥቢያ በራሱ ሊያደርገው ይችላል።

ከመመዘን በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ

ምዘና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ላይ ነው። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሁላችን እንደምንወደው እንተረጉመዋለን። ስለዚህ በመስከረም፣ አንድም ልጅ ሳይጠየቅ፣ የትምህርት ክፍሉ አንድ ገጽ ይጻፍ፦ በሰኔ ከቆዩት ልጆች ግማሹ ትርጉሙን ካላስረዳ ያንን ትምህርት እንከልሰዋለን፤ ከተመዘገቡት ሲሶው ከቀረ የእሑዶቹን ተራ እንለውጣለን። ወሰኑን የሚወስኑት እዚያ የሚያገለግሉት ናቸው። በምሳሌያችን ከ24ቱ ያስረዱት 10 ናቸው፤ ግማሽ አልደረሱም። ከ40ው የቀሩት 16 ናቸው፤ ከሲሶ ይበልጣሉ። ሁለቱም እርምጃዎች ያለ ክርክር ይወሰዳሉ ማለት ነው።

ከዚያም ሪፖርቱ ወደ ሀገረ ስብከቱ ሲሄድ «ሁሉም መልካም ነው» ከማለት ይልቅ የትኛው ትምህርት ላይ መምህራን እንደቆሙ፣ በየትኛው ወር ልጆች እንደቀሩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደመለሱ ይናገር። መጽሐፉን የሚያዘጋጁት አባቶችና ወንድሞች ማሻን ከሩቅ ሆነው ሊያዩት አይችሉም። እኛ ካልነገርናቸው በቀር የሸካ ልጅ በጥቅምት የት እንደሚውል አያውቁም። በምስጋና ብቻ የተሞላ ሪፖርት ብንልክላቸው የሚቀጥለውም እትም ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመጣል።

በእርግጥ የማይመዘን ነገር አለ። የልጁን እምነት፣ በጸሎቱ ጊዜ በልቡ ያለውን፣ ጸጋ እግዚአብሔር የሚሠራበትን መንገድ በአምስት ደቂቃ ጥያቄ አንደርስበትም፤ እንደርሳለን ማለትም ድፍረት ነው። የምንመዝነው የእኛን ሥራ ነው፦ እናስተምራለን ያልነውን አስተምረናልን? ልጁስ ሰምቶናልን?

ውድ አንባብያን፦ በመስከረም አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀመር በየክፍላችሁ መዝገብ ላይ የተመዘገቡትን ልጆች ስም ሁሉ ጻፉ። በሰኔም ያንኑ መዝገብ ግለጡና ከስሞቹ አጠገብ ባዶ የቀሩትን ቦታዎች ተመልከቱ። ስለ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባቸው የእነዚያ ልጆች ቤተሰቦች ናቸው።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና ረድኤት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።